መለያ አንባቢዎቹ

በቴሌግራም ልብስ ከሚሸጡት መካከል የማደንቀው፣ የቻይናውን መለያ ፎቶ አጉልተው አንብበው በአማርኛ የሚጽፉትን ነው።

አንድ የሴት ጃኬት እንውሰድ። መለያው 165/88A ይላል። ጥንቁቅ ሻጭ «ቁመቷ 165፣ የደረት ዙሪያዋ 88 ሳንቲሜትር ለሆነ ሴት» ብሎ ይጽፋል፤ ቁጥሩ የለባሿ ሰውነት ልክ እንጂ የጃኬቱ ስፋት አይደለምና። ፊደሏ ደግሞ የደረቷ ዙሪያ ከወገቧ ከ14 እስከ 18 ሳንቲሜትር ለሚበልጥ ሴት መሰፋቱን ትናገራለች። የጃኬቱን ስፋት የሚጽፈው ራሱ በሜትር ከለካው ብቻ ነው።

የጨርቁ ዓይነት በሁለት መስመር ተጽፏል፤ ውጩ 100 በመቶ ፖሊስተር፣ ገበሩ ጥጥ። ችኩል ሻጭ ሁለተኛውን ይዞ «ንጹሕ ጥጥ» ይላል፤ ይሄኛው ግን ሁለቱንም ለይቶ ያስቀምጣል።

የአጠባበቅ ምልክቶቹንም ይፈታል፦ እጅ የገባበት ሳፋ «በእጅ ይታጠብ»፣ የተሰረዘ ሦስት ማዕዘን «በረኪና አይንካው»፣ ባለ አንድ ነጥብ ካውያ «ሙቀቱ ከ110 ዲግሪ አይለፍ»። ፎቶው ደብዝዞ ነጥቡ አንድ ይሁን ሁለት ካልለየለት፣ ከአቅራቢው ሌላ ፎቶ ይጠይቃል እንጂ አይገምትም።