የአራዳ ቋንቋና የአጣዬ አድማጭ

የአራዳ ቋንቋን የሚነቅፉ ሰዎች ወጣቱ ሰዋስው አያውቅም ይላሉ። ክሱ ስሕተት ነው። «ላሽ» ብቻውን ጾታም ጊዜም አያሳይም፤ ወጣቶቹ ግን ከ«አለ» ጋር አጣምረው «ላሽ አለ»፣ «ላሽ አለች»፣ «ላሽ ሊሉ ነው» እያሉ ያረቡታል። «ዝም አለ»ና «ብድግ አለች» የተሠሩትም በዚሁ መንገድ ነው። ከእንግሊዝኛ የመጣው «ሙድ»ም «መያዝ» ከሚለው ግስ ጋር ሲገጥም ማላገጥ የሚል ፍቺ ይዟል፤ ይህን ፍቺ የሰጠው አማርኛ ነው። አዲስ ቃል ሲገባ ነባሩ ግስ ተሸክሞ ያራምደዋል። ሰዋስው የማያውቅ ሰው እንዲህ አያደርግም።

አንዳንዱ ቃል ደግሞ የከተማ ፈጠራም አይደለም። የአዲስ አበባ ወጣት «ጀባ በለኝ» ሲል ስጠኝ ማለቱ ነው። በወሎ ግን ጀባ ማለት በዱዓ ላይ ቡናና ጫት በአክብሮት የሚቀርብበት የሽማግሌዎች ንግግር ነው። አንዱ ጋ የሰፈር ቃል የሆነው ሌላው ጋ የምርቃት ቃል ነው፤ ይህ የአማርኛ ሀብት ነው፣ ሊወደድም ይገባዋል።

ችግሩ የሚጀምረው ይህ ንግግር ለሁሉም በሚተላለፍ መልእክት ውስጥ ሲገባ ነው። አጣዬ የኤፍራታና ግድም ወረዳ ከተማ ናት፤ በአዲስ አበባ–ደሴ መንገድ ላይ ስትሆን በአካባቢው ከአማርኛ ሌላ ኦሮምኛ፣ አርጎብኛና አፋርኛ ይነገራሉ። ለብዙ ሰው አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋው ነው። የይፋት ቆላ ወባ አለበት እንበልና አንድ የሬዲዮ አዘጋጅ እንዲህ ጻፈ፦ «ጀለሶች፣ ትኩሳት ከቀወጣችሁ ላሽ ሳትሉ ጤና ጣቢያ ሂዱ፤ ነፍ ሰው ተሸውዷል።» «ጀለሶች» ሲባል ልጅ የታቀፈች እናት ራሷን የተጠራች አድርጋ አታይም። «ላሽ ሳትሉ» ሳትዘገዩ ማለት ይሁን ሳትጠፉ አይታወቅም። «ነፍ» ብዙ ማለት መሆኑን የማያውቅ ሰው ማስጠንቀቂያው ያመልጠዋል። «ትኩሳት ከያዛችሁ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ተመርመሩ፤ የዘገየ ብዙ ሰው ለከፋ ሕመም ተዳርጓል» ቢል ግን ወጣቱም አያቱም እኩል ይረዱታል።

«ሸገር»ም ዛሬ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ለአዲስ አበባ የቁልምጫ ስም ሆኖ ኖሯል፤ በ2015 ዓ.ም. ግን የኦሮሚያ ክልል በአዲስ አበባ ዙሪያ ሸገር ከተማን መሠረተ። «ሸገር ሂዱና ጉዳያችሁን ጨርሱ» የተባለ የአጣዬ ባለጉዳይ ወደ ሌላ አስተዳደር ቢሮ ሊሄድ ይችላል።

ከሁሉ የከፋው «ፋራ» ነው። ሌሎቹ ግራ ያጋባሉ፤ ይህ ግን ከከተማ ውጭ ያደገን ሰው በቀጥታ ይሰድባል። በልብ ወለድ ገጸ ባሕርይ አፍ ሊነገር ይችላል፤ በጋዜጠኛ አፍ ግን ቦታ የለውም። አዘጋጆች ከሌላው ሁሉ በፊት ይህን ቃል ከስቱዲዮ ያስወጡ።