ከኢንቮይሱ ጋር የሚሄደው መልእክት እንዴት ይመዘናል?

አንድ የውጭ ተመራማሪ በቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ብሔራዊ ፓርክ ጭላዳ ሲያጠና ከረመ እንበል። መኪናውን፣ በቅሎውንና አስተርጓሚውን ያሰናዳለት የመካነ ሰላም ሰው ነው። እንግዳው አገሩ ሲገባ ኢንቮይሱ በኢሜይል ይከተለዋል። ከኢንቮይሱ ጋር የሚሄደውን አጭር መልእክት የምመዝነው በአንድ ነገር ነው፤ ተመራማሪውን የማያውቀው የዩኒቨርሲቲው ሒሳብ ሠራተኛ ምንም ሳይጠይቅ መክፈል ይችላል ወይ?

የገንዘቡ ዓይነት ጉዳይ ቶሎ ያልቃል። «ዶላር» ብቻ አይበቃም፤ ካናዳና አውስትራሊያም ዶላር አላቸውና «የአሜሪካ ዶላር» ይባል።

ብልሃቱ የሚታየው በብር የወጣው በዶላር ሲጠየቅ፣ ምንዛሪው ላይ ነው። «በወቅቱ ምንዛሪ» የሚል መልእክት ካየሁ ማንበቤን አቆማለሁ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ የንግድ ባንክ የዶላር መግዣ በአንድ ቀን ከ57 ብር ገደማ ወደ 74 ብር ገደማ ዘሏል። ወቅቱ የቱ ነው? ጥሩ መልእክት የማን ባንክ፣ የየትኛው ቀን፣ መግዣ ወይስ መሸጫ መሆኑን ይናገራል።

ብዙዎች የሚስቱት የመጨረሻውን ነው። የአገልግሎቱ ዋጋ በስምምነት 800 ዶላር፣ በብር የወጣው ደግሞ 36,000 ይሁን። ለምሳሌ መግዣው 120፣ መሸጫው 122.40 ብር ቢሆን፣ የመጣውን ዶላር ባንኩ የሚገዛው በ120 ስለሆነ ወጪው 300 ዶላር፣ ድምሩ 1,100 ይሆናል። በመሸጫው ያሰላ 294.12 ብቻ ይጠይቃል፤ ያ ሲመነዘር 35,294 ብር ነው። ሰባት መቶ ብር ገደማ ከኪሱ ወጣ። ቀኑም በፈረንጅ አቆጣጠር ይጻፍ፤ አለዚያ ሒሳብ ሠራተኛው የስምንት ዓመት ዕዳ የመጣበት ይመስለዋል።

«የባንክ ወጪ በእናንተ» የሚለውም ግማሽ ነው። ላኪው ባንክ ያስከፍላል፣ መሐል ላይ ያለው ባንክ ይቆርጣል፣ እዚህ ያለውም የራሱን ይወስዳል። የላኪው ፎርም ምርጫ አለው፦ OUR ከሆነ ወጪው የላኪ ነው፣ SHA ከሆነ ይጋሩታል፣ BEN ከሆነ የተቀባይ ነው። ስለዚህ ደህናው አጻጻፍ «እባክዎ OUR ይምረጡ፤ 1,100 የአሜሪካ ዶላሩ ሳይቀነስ ባንካችን ይድረስ፤ የእኛ ባንክ የሚያስከፍለውን እኔ እችላለሁ» የሚል ነው። አንዳንድ ተቋም ግን OUR አይከፍልም። ይህ ሥራው ሳይጀመር ተጠይቆ ዋጋው ላይ ይታሰባል እንጂ በመልእክቱ አዲስ ሆኖ አይመጣም።

1,075 ዶላር ቢገባ ከፋዩ የስዊፍት ቅጂውን እንዲልክ ይጠየቃል። በቀድሞው ቅርጽ ምርጫው 71A በሚለው መስመር ላይ ነው፤ በአዲሱ ደግሞ OUR የነበረው DEBT ተብሎ ይገኛል። SHA ከተመረጠ መልእክቱን ጠቅሶ 25 ዶላሩን ከከፋዩ መጠየቅ ይቻላል። OUR ተመርጦ ከተቆረጠ ግን ከፋዩ አልበደለም፤ የራሱ ባንክ ገንዘቡ የት እንደቀረ እንዲያጣራ ማመልከት ያለበት እሱ ነው።