ስሙ መጨረሻ ላይ ይምጣ

አማርኛ ግሱን ዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል፤ አፋን ኦሮሞም እንደዚያው ነው። ለዕለት ተዕለት ወሬ ይህ ማንንም አያስቸግርም። ማይክራፎን ይዞ ሰውን ወደ መድረክ ለሚጋብዝ ግን የመጀመሪያው ፈተና ይኸው ነው። «አሁን ደግሞ የክብር እንግዳችንን ዶክተር እገሌን ንግግር እንዲያደርጉልን ወደ መድረክ እንጋብዛለን» ብሎ ሲጀምር፣ ሕዝቡ ስሙን እንደ ሰማ ያጨበጭባል። የቀረው ሁሉ ጭብጨባው ውስጥ ይሰጥማል። እንግዳው ገና «እንጋብዛለን» ስላልተባሉ ብድግ ይበሉ አይበሉ ግራ ይገባቸዋል፤ መሪውም ያልጨረሰው ግስ ስላለ ድምፁን ከፍ አድርጎ ከሕዝቡ ጋር ይሻማል። ጭብጨባው ይበርዳል፤ እንግዳው መንገድ ሲጀምሩ እንደገና መቆስቆስ አለበት። ያኔ ነው «እባካችሁ ሞቅ ባለ ጭብጨባ» የሚባለው ልመና የሚመጣው።

አዳማ ውስጥ የምረቃ መድረክ ስትመራ ደጋግሜ ያየኋት አንዲት ሴት ይህን ችግር የፈታችበት መንገድ እጅግ ያስደንቀኛል። ግሶቿን ሁሉ አስቀድማ ትጨርሳለች። «የዛሬው የክብር እንግዳችን ዕድሜያቸውን በመስኖ ሥራ ላይ አሳልፈዋል። ከመቂ እስከ ባቱ ያለው ገበሬ ያውቃቸዋል። መልእክታቸውን እንዲያስተላልፉልን በክብር የምንጋብዛቸው…» ትልና ለአንድ ትንፋሽ ያህል ታቆማለች። ከዚያ ማዕረጉ፣ ስሙ፣ የአባት ስሙ። «ናቸው» አትልም። ዓረፍተ ነገሩ በሰዋስው ዓይን ሳይቋጭ ይቀራል፤ የሚቋጨው ጭብጨባው ነው። ስሙን እንዳለችም ከፖዲየሙ ግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ ትላለች፤ ዓይኗ ከካርዱ ተነስቶ እንግዳው ላይ ያርፋል። ሦስት ሺህ ሰውም የት ማየት እንዳለበት የሚያውቀው በዚያ ዓይን ነው።

አንድ ተናጋሪ ከፊት ወንበር ተነስቶ ፖዲየሙ ጋ እስኪደርስ ሃያ ሰከንድ ያህል ይወስዳል። ጭብጨባ ግን በራሱ ከተተወ ብዙ ጊዜ ከዚያ ቀድሞ ያልቃል። በመሐል የሚቀረው ዝምታ ልምድ የሌለውን መሪ ያስጨንቀዋል፤ ሰውየው ደረጃ እየወጡ ሳለ ስለ ትምህርት ደረጃቸውና ስለ ሽልማታቸው መደርደር ይጀምራል። ሰውየው ፖዲየሙ ጋ ደርሰው ከጎኑ ቆመው ስለ ራሳቸው የሚባለውን ይሰማሉ። እሷ ያንን ክፍተት አትሞላውም። የምትለው ነገር ካላት ከስሙ በፊት ብላዋለች፤ ከስሙ በኋላ ያለው ጊዜ የእንግዳው ነው። ወንበራቸው ሩቅ ከሆነ ደግሞ አስተናጋጅ አስቀድሞ ጎናቸው እንዲቆም ታደርጋለች፤ የቀደመው ተናጋሪ ሊጨርሱ ሲሉ እሷና አስተናጋጁ በዓይን ምልክት ይለዋወጣሉ።

ስሙን መጨረሻ ላይ ያስቀመጠ ሰው ስሙን ቢያበላሸው ግን መሸሸጊያ የለውም። አዳማ ደግሞ ስም የሚያበላሽ ከተማ ናት። በ1993 እ.ኤ.አ. የናዝሬት ቴክኒክ ኮሌጅ ተብሎ ተጀምሮ ዛሬ አዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የሚባለውን ጨምሮ፣ በከተማዋ ካሉት የትምህርት ተቋማት የሚመረቀው ልጅ ከየአቅጣጫው የመጣ ነው። የተሸላሚዎች ዝርዝር መድረክ ላይ የሚደርሰው በላቲን ፊደል ተጽፎ ነው፤ ይሁን እንጂ ሁሉም በአንድ ሥርዓት አልተጻፈም። ገሚሱ በእንግሊዝኛ ልማድ ነው፤ ገሚሱ አፋን ኦሮሞ ከ1984 ዓ.ም. ጀምሮ በይፋ በሚጻፍበት በቁቤ ነው። በቁቤ «ሲ» የተባለችው ፊደል ብቻዋን ስትሆን ጭ ናት፤ «ኤክስ» ደግሞ ጥ። ይህን የማያውቅ መሪ ጫላን «ካላ» ብሎ ይጠራዋል። ልጁ ለምን ያህል ዓመት ለዚያች ቅጽበት እንደ ለፋ ሳስብ ይህ ስህተት ያሳምመኛል።

በእንግሊዝኛ ልማድ የተጻፈውም ቢሆን ወጥመድ አለው። አንዷ «ቲ» ተ ልትሆን ትችላለች፣ ጠም ልትሆን ትችላለች፤ ታምራትና ጥላሁን የሚጀምሩት በአንድ ፊደል ነው። የሚጠብቀውና የሚላላው ድምፅ አይለይም። ቁቤ ከዚህ ይሻላል፤ የሚጠብቀውን ተነባቢ ደርቦ ይጽፋል፣ የሚረዝመውንም አናባቢ እንዲሁ ደርቦ ይጽፋል፤ ማንበብ ለሚችል ሁሉን ይነግራል። አማርኛ የሌለው ድምፅም አለ፤ ምላስ ወደ ላንቃ ታጥፎ አየር ወደ ውስጥ የሚሳብበት ዸ። ዻባን «ዳባ» ያለ ሰው ሌላ ሰው ጠርቷል።

ስለዚህ ይህች ሴት ዝርዝሩን አምና አታነብም። ከምረቃው በፊት በነበረ የልምምድ ቀን፣ ተሸላሚዎቹ በተሰለፉበት እየዞረች «ስምህን በቤት እንደምትጠራው በለኝ» ስትል አይቻለሁ። የሰማችውን በግዕዝ ፊደል ካርዷ ላይ ትጽፋለች፤ የሚጠብቀው ፊደል ላይ ነጥብ ታኖራለች፣ የሚረዝመው ሥር መስመር ታሰምራለች። ካርዱ ወፍራም ነው፣ የአንድ ወረቀት ግማሽ ያህላል፣ በግራ ጥጉ ተበስቶ በክር ታስሯል። ከአዳማ በላይ ባሉት ኮረብታዎች የነፋስ ኃይል ማመንጫ ተርባይኖች የተተከሉት ያለ ምክንያት አይደለምና፣ በሜዳ ላይ በሚደረግ ምረቃ ልቅ ወረቀት ይዞ የወጣ መሪ ሁለተኛውን ገጽ ሲያሳድድ ይታያል። ካርዱ ላይ ሙሉ ንግግር የለም። የመጀመሪያው ቃል፣ ማዕረጉና ስሙ ብቻ ናቸው።

ቋንቋው ሌላው ጥበብ ነው። ዲግሪው የሚሰጥበት ቃል በእንግሊዝኛ ነው፤ ከአርሲ ነገሌና ከሞጆ የመጡት ወላጆች ብዙዎቹ በአፋን ኦሮሞ ይሰማሉ፤ ከሩቅ ክልል የመጡት ደግሞ በአማርኛ። ቀላሉ መንገድ እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር ሦስት ጊዜ ማለት ነው፤ እንዲህ ሲደረግ ግን መርሐ ግብሩ ሦስት እጥፍ ይረዝማል፣ ሰውም የራሱ ቋንቋ እስኪመጣ ድረስ ማውራት ይለምዳል። እሷ የምትለየው አንድ ነገር ነው። ሰው እንዲያደርገው የሚፈለግ ነገር ሁሉ፣ ማለትም ተነሱ፣ ተቀመጡ፣ በዚህ በር ውጡ፣ በሦስቱም ቋንቋ ይነገራል፤ አጭር ነውና አይሰለችም። የቀረው በአንዱ ብቻ ይነገርና የሚቀጥለው ዓረፍተ ነገር በሌላው ይቀጥላል። «ባጋ ገመዳን» ብላ ወላጆችን እንኳን ደስ አላችሁ ካለች በኋላ ያንኑ በአማርኛ አትደግመውም፤ በአማርኛ የምትለው ወላጆቹ ከየት ከየት እንደ መጡ ነው። አንዱን ብቻ የሚሰማ ሰው ከጨዋታው አይወጣም፤ ሁለቱንም የሚሰማ ደግሞ አንድ ነገር ሁለት ጊዜ አይሰማም።

ከሁሉ በላይ የማደንቀው ግን ብዙ ሰው ልብ የማይለውን ነው። ከጠዋት ጀምሮ ጋውን የለበሱትን ልጆች የምትጠራቸው «ዕጩ ተመራቂዎች» እያለች ነው። ዲኖቹ የየኮሌጃቸውን ልጆች አስነስተው ያቀርባሉ፤ ፕሬዚዳንቱ በሴኔቱ በተሰጣቸው ሥልጣን ዲግሪውን ይሰጣሉ፤ የቆቡ ክር ከቀኝ ወደ ግራ ይዞራል። እስከዚያች ቅጽበት ድረስ አንድም ጊዜ «ተመራቂዎቻችን» ብላ አታውቅም። ክሩ ከዞረ በኋላ ጩኸቱ እስኪበርድ ትጠብቅና የመጀመሪያው ቃሏ ያ ይሆናል፤ «ተመራቂዎች፣ መቀመጥ ትችላላችሁ።» ቃሉን ከጠዋት ጀምሮ ስላልነካችው ሜዳው እንደ አዲስ ይፈነዳል። ይህ እንዲሆን ሁለት ሰዓት ሙሉ አንዲት ቃል መቆጠብ ነበረባት።

በንግግሮች መሐል ያለው መሸጋገሪያም በዚሁ ቁጠባ የተሠራ ነው። ብዙ መሪዎች ተናጋሪው እንደ ወረደ «ድንቅና አስተማሪ ንግግር ነበር» ይላሉ፤ ለሁሉም ያው ስለሚባል ለማንም አልተባለም። ወይም የተባለውን በአጭሩ ልድገመው ብለው ሕዝቡን ሁለተኛ ያስቀምጡታል። እሷ ከንግግሩ አንድ የሚጨበጥ ነገር ብቻ ታነሳለች፤ ያም ወደሚቀጥለው ሰው የሚያደርስ መሆን አለበት። በአንድ ምረቃ ላይ ሬጅስትራሩ የተመራቂውን ቁጥር በየትምህርት ክፍሉ ለረጅም ጊዜ አነበቡ፤ ሕዝቡ ደክሞ ነበር፣ ፀሐዩም በርትቷል። ቀጥሎ ምርቃት የሚሰጡት አባ ገዳ ነበሩ። ከቁጥር ወደ ምርቃት መሻገር ከባድ ነው። እንዲህ አለች፦ «ሬጅስትራራችን ልጆቻችንን ቆጠሩልን። የተቆጠረ ልጅ ይመረቃል።» ከዚያ ወደ አፋን ኦሮሞ ዞራ ሕዝቡ እንዲቆም ጠየቀች፣ በሦስቱም ቋንቋ ደገመችው፣ አባ ገዳውን በማዕረጋቸው ጠራች። ሁለት አጭር ዓረፍተ ነገር ደረቁን ሪፖርት የምርቃቱ መግቢያ አደረጉት። በአማርኛ መመረቅ ከትምህርት ቤትም፣ ከሽማግሌ አፍም መሆኑን ማስረዳት አላስፈለጋትም፤ ሰው ራሱ ደረሰበት።

ምርቃቱ ራሱ በጥሪና በምላሽ የሚሄድ ነው፤ አባ ገዳው ይላሉ፣ ሕዝቡ ይቀበላል። እዚህ ላይ ማይክራፎኗን ዘጋች። ክፍት ማይክ ይዞ ከሕዝቡ ጋር የሚመልስ መሪ የሕዝቡን ድምፅ በራሱ ድምፅ ይሸፍነዋል። ሲያበቃም ወዲያው አልከፈተችውም። በሽልማቱ ጊዜም እንዲሁ ነው፤ አንዲት ልጅ ዋንጫ ስትቀበል ከኋላ እልልታ ይነሳል፣ ዙሪያውን ይሞላል፣ ሌላ ቤተሰብ ያነሳዋል። የጊዜ ሰሌዳው ቢያልፍም ቀጣዩን ስም በእልልታው ላይ አትጠራም፤ ከጠራችው የሚቀጥለው ልጅ እናት የልጇን ስም አትሰማም። ያለፈውን ደቂቃ የምታካክሰው ከራሷ ንግግር ቆርጣ ነው። የመዝጊያውን ምስጋና ሲያስፈልግ ከአንድ ገጽ ወደ ሦስት ዓረፍተ ነገር ስታወርደው አይቻለሁ፤ ከተናጋሪዎቹ ጊዜ ላይ ግን አልወሰደችም።

የመውጫውን ሥርዓት የምትናገርበት ቦታም የታሰበበት ነው። ብዙ ቦታ ይህ የሚነገረው ሁሉም ካለቀ በኋላ ነው፤ ያኔ ወላጁ አበባውን ይዞ ወደ ልጁ ስለሚሮጥ ማንም አይሰማም፤ የመምህራኑ ሰልፍም በሕዝቡ ይዋጣል። እሷ ከክብር እንግዳው ንግግር በፊት፣ ሁሉም ቦታው ላይ ተቀምጦ ጆሮው ክፍት በሆነበት ሰዓት ትናገረዋለች፤ መጀመሪያ የመምህራኑ ሰልፍ ይወጣል፣ ከዚያ ተመራቂዎች በረድፍ በረድፍ፣ ቤተሰብ በምሥራቁ በር በኩል ከዛፎቹ ሥር ይጠብቃቸዋል። በሦስቱም ቋንቋ።