«አዎ» ሁለት ትርጉም እንዳይኖራት

እጄ ላይ ያለው የተመላላሽ ታካሚዎች የእርካታ መጠይቅ አንድ ገጽ ነው። ማንበብ ለሚከብዳቸው ታካሚዎች የተዘጋጀ ስለሆነ ጠያቂዋ ታነባለች፣ ታካሚው ይመልሳል። የቀድሞው ረቂቅም አብሮት አለ። ሁለቱን ጎን ለጎን ሳያቸው የሠሪውን ጆሮ አደንቃለሁ።

ረቂቁ «ሐኪሙ ንግግርዎን አላቋረጠዎትም?» ይል ነበር። አንዲት እናት «አዎ» ቢሉ ምን ማለታቸው ነው? «አዎ፣ አላቋረጠኝም» ወይስ «አዎ፣ አቋርጦኛል»? በአማርኛ ሁለቱም ያስኬዳል፤ ጠያቂዋም የመሰላትን ትሞላለች። የተስተካከለው «ሕመምዎን ተናግረው እስኪጨርሱ ሐኪሙ አዳመጠዎት?» ይላል። አሉታው ወጣ፣ «አዎ» አንድ ትርጉም ብቻ ቀራት።

«በአገልግሎቱ ረክተዋል?» የሚለውም ተሰርዟል። ይህን የሚጠየቅ ሰው ከንጋት ጀምሮ ተሰልፎ የዋለ ቢሆን እንኳ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነው» ይላል። ነገ ተመልሶ የሚመጣበት ቤት ነዋ! በምትኩ የሆነው ነገር ይጠየቃል፤ ያውም ታካሚው ሁሉን ጨርሶ ሲወጣ፣ ነጭ ጋዋን ባልለበሰ ሰው።

ከሁሉ የምወደው መድኃኒቱን የሚመለከተውን ጥንድ ጥያቄ ነው። መጀመሪያ «መድኃኒቱን እንዴት እንደሚወስዱ ነገሩዎት?» ይላል፤ መልሱ «በደንብ»፣ «በመጠኑ» ወይም «አልነገሩኝም» ነው። መድኃኒት ላልታዘዘለት ሰው ደግሞ የራሱ ሳጥን አለው። ቀጥሎ «እስቲ በቀን ስንት ጊዜ ነው የሚወስዱት?» ይላል፤ ጠያቂዋም መልሱን ከመድኃኒቱ ከረጢት ጋር ታስተያያለች። «በደንብ ነገሩኝ» ያለ ሰው እዚህ ላይ ከተሳሳተ፣ ፋርማሲው ተናግሯል እንጂ አላስረዳም።

ያ ተጨማሪ ሳጥን ዋጋው የሚታየው ሲቆጠር ነው። ከሚወጡት በየአምስተኛው እየተጠየቀ 60 ሰው ተገኘ እንበል። 12ቱ መድኃኒት አልታዘዘላቸውም፤ ከቀሩት 48 ደግሞ 30ው «በደንብ» አሉ። ለ60 ብናካፍል 50 በመቶ ይሆናል፤ ያልተነገራቸውን ካልታዘዘላቸው ጋር ደባልቀን ፋርማሲውን በከንቱ እንወቅሳለን። ትክክለኛው አካፋይ 48 ነው፤ ውጤቱም 62.5 በመቶ። ለመልሶቹ 3፣ 2፣ 1 ሰጥቶ አማካይ ማውጣትን ግን አልመክርም። «2.4» የሚል ቁጥር ስንት ሰው ሳይነገረው ወደ ቤቱ እንደሄደ አያሳይም።

ቀጥሎ በሰዓት መከፋፈል ነው። ከ48ቱ ውስጥ ጠዋት ከተጠየቁት 28 ሰዎች 14ቱ፣ ከሰዓት ከተጠየቁት 20 ደግሞ 16ቱ «በደንብ» ብለው ከሆነ፣ ጠዋት 50፣ ከሰዓት 80 በመቶ ነው። ከጠቅላላው 48 ሰው የወጣው 62.5 እንኳ በዕጣ ምክንያት ብቻ ወደ 14 ነጥብ ያህል ወዲህና ወዲያ ሊል ይችላል፤ የግማሽ ቀኑ ቁጥር ደግሞ ከዚያም ይበልጥ ይዋልላል። ስለዚህ ልዩነቱ ፍርድ አይሆንም። ግን በሚቀጥለው ሳምንት ረፋድ ላይ ፋርማሲው መስኮት አጠገብ ቆሞ ለአንድ ታካሚ ስንት ደቂቃ እንደሚሰጥ ለመቁጠር በቂ ምክንያት ነው።