የሐዘን ፈቃድ ማመልከቻ

ከፊቴ ያለው ማመልከቻ ግማሽ ገጽ እንኳ አይሞላም። ኮተቤ የሚኖር አንድ የግል ድርጅት ሠራተኛ መርዶ በተነገረው ዕለት የሚጽፈው ዓይነት ነው እንበል። እኅቱ ቤይሩት አርፋለች። አስከሬኗ መቼ ቦሌ እንደሚደርስ አይታወቅም፤ የቀብሯ ቦታ ግን ታውቋል፣ የካ ሚካኤል ነው።

ቀን፣ አድራሻ፣ ከመካከል «ጉዳዩ፦ የሐዘን ፈቃድ ስለመጠየቅ»። ከዚያ የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር፦ «የእናቴና የአባቴ ልጅ የሆነች ታላቅ እኅቴ በቤይሩት ከዚህ ዓለም በሞት ተለይታለች።» «ዘመዴ» ቢል ኖሮ አይበቃም ነበር። አዋጅ 1156/2011 በአንቀጽ 81 የሦስት የሥራ ቀን ፈቃድ ከነክፍያው የሚሰጠው ለትዳር ጓደኛ፣ ለወላጅና ለልጅ፣ እንዲሁም እስከ ሁለተኛ ደረጃ ላለ የሥጋ ወይም የጋብቻ ዘመድ ነው። ዝምድናው በግልጽ ስለተጻፈ የሰው ሀብት ክፍሉ ሐዘንተኛውን ደውሎ አይጠይቅም።

ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ከሐሙስ ጀምሮ ሦስቱን ቀናት ይጠይቃል። ቅዳሜ በማይሠራበት መሥሪያ ቤት ሐሙስ፣ ዓርብና ሰኞ ማለት ነው።

የማመልከቻው ልቅም ያለው ክፍል ቀጥሎ ይመጣል፦ «ማክሰኞ ጠዋት ሥራ እገባለሁ። አስከሬኗ እስከዚያ ከደረሰ ግን የምመለሰው ከሠልስቱ ማግስት ነው። ዘግይቶ ከደረሰም ለቀብሩና ለሠልስቱ የሚያስፈልጉኝ ቀናት ከዓመት ፈቃዴ እንዲታሰቡልኝ እጠይቃለሁ። የሚደርስበት ቀን እንደታወቀ በዚያው ዕለት አሳውቃለሁ፤ ባይታወቅም በየሁለት ቀኑ እደውላለሁ።»

ጸሐፊው የማያውቀውን ቀን በግምት አልሞላም። መመለሻውን ከሠልስቱ ጋር አሰረው፤ ሠልስት ቀብሩ ከታወቀ የሚቆጠር ስለሆነ አለቃውም ራሱ ሊያሰላው ይችላል። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። «ለጥቂት ቀናት» ያለ ሰው አለቃውን ያለ ዕቅድ ያስቀረዋል። «በሳምንት እመለሳለሁ» ብሎ የቆረጠ ደግሞ የኤምባሲው ወረቀት ሲዘገይ ያለ ፈቃድ የቀረ ሆኖ ይገኛል። የዓመት ፈቃዱ ካለቀም ሕጉ ለከባድ ጉዳይ እስከ አምስት ተከታታይ ቀን ያለ ክፍያ ይፈቅዳል፤ ይህ ግን በበጀት ዓመቱ ከሁለት ጊዜ በላይ አይገኝም። ስለዚህ ያለ ክፍያው ፈቃድ መጀመሪያውኑ ባይነካ ይሻላል።

ስለ ሕመሟም ሆነ ስለ አሟሟቷ አንድ ቃል የለም። ልመናም የለበትም፤ «እጠይቃለሁ» ብቻ ነው። እኔ ብሆን የምጨምረው አንድ መስመር ነው፦ የጀመርኩትን ሥራ ማን እንደያዘልኝ።

የሞት ማስረጃው ሲመጣ በፈረንጆች አቆጣጠር ይሆናል። ማመልከቻው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ስለሆነ ማስረጃው ሲያያዝ ሁለቱም ቀኖች ጎን ለጎን ይጻፋሉ፣ አንደኛው «እ.ኤ.አ.» ተብሎ። አለዚያ ፋይሉን የሚያየው ሰው ሁለት የተለያዩ ቀኖች ይመስሉታል።