የሚዞረው የትኛው ፋን ነው?

ኤሲ ይነፍሳል እንጂ አያቀዘቅዝም የሚል ስልክ ሲደርሰው፣ ሥራውን የሚያውቅ ሰው በመጀመሪያ የሚጠይቀው «የሚዞረው የትኛው ፋን ነው? የቤት ውስጡ ነው የጓሮው?» ብሎ ነው። ደዋዩ ብዙ ጊዜ ግር ይለዋል። ሙቅ አየር እየነፈሰበት ላብ በላብ ሆኖ ሳለ የፋን ቆጠራ ምን ያደርግለታል? ለባለሙያው ግን ከዚህ መልስ በኋላ ግማሹ መሣሪያ ከተጠርጣሪነት ይወጣል።

ይህን አሠራር በቅርብ ያየሁት ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ውስጥ፣ አንዲት የአገራችን ሴት ቤት ነው። ኤሲው በዚያ አካባቢ የተለመደው ዓይነት ነው። አየሩን ወደየክፍሉ የሚልከው ፋንና መቆጣጠሪያ ቦርዱ ምድር ቤት፣ ኮምፕሬሰሩና የራሱ ፋን ደግሞ ጓሮ ባለ የብረት ሳጥን ውስጥ ናቸው። አንድ ድርጅት ሳያይ በስልክ «ቦርዱ ተቃጥሏል» ብሏት ዋጋም ነግሯት ነበር። የመጣው ባለሙያ ግን ጓሮ ገብቶ፣ የሳጥኑ ፋን እየዞረ መሆኑን ሲያይ፣ «እህቴ፣ ቦርዱን እንተወው፤ እሱ ሥራውን ሠርቷል» አላት። ገና አንድ ብሎን አልፈታም።

እንዲህ ያስባለው የመሣሪያው ትእዛዝ የሚሄድበት መንገድ ነው። ግድግዳው ላይ ያለው ቴርሞስታት ቅዝቃዜ ሲፈልግ 24 ቮልት በቀጭን ሽቦ ወደ ጓሮ ይልካል። ይህ ኃይል ኮንታክተሩ ውስጥ ያለውን ጥቅልል ማግኔት ያደርገዋል፤ ማግኔቱ ድልድዩን ስቦ ሲዘጋው 240 ቮልቱ ያልፋል። ካለፈ በኋላ ለኮምፕሬሰሩም ለጓሮው ፋንም የሚደርሰው ከዚያው ከኮንታክተሩ ነው። ስለዚህ የጓሮው ፋን ከዞረ ኮንታክተሩ ተስቧል፣ ከተሳበ ደግሞ ከቴርሞስታቱ ጀምሮ እስከ ጥቅልሉ ያለው የ24 ቮልት መንገድ ሁሉ ደህና ነው።

ባለሙያው ቀጥሎ ዝም ብሎ ቆመ። ቆሞ ግን እያዳመጠ ነበር። ከፋኑ ድምፅ ሥር ኮምፕሬሰሩ ለጥቂት ሰከንድ እህህ ብሎ አጓራ፣ ቀጭ አለ፣ ዝም አለ። ይህች ድምፅ ብዙ ትናገራለች። ጨርሶ ዝም ቢል ኖሮ ወይ ኃይል አልደረሰውም፣ ወይ የሙቀት መከላከያው ከፍቶ ቆይቷል ማለት ነበር። ማጓራቱ ግን ኃይል እንደደረሰውና መነሣት እንዳቃተው ያሳያል። መነሣት የሚያቅተው ሞተር ካፓሲተሩ ሞቶበት፣ ወይ ቮልቴጁ በመንገድ ላይ ወርዶበት፣ ወይ ራሱ ታንቆ ነው።

ካፓሲተሩ የሚያስፈልገው እንዲህ ዓይነቱ ሞተር በአንድ ፌዝ ስለሚሠራ ነው። ዋናው ጥቅልል ብቻውን የሚፈጥረው ማግኔት ባለበት ይርገበገባል እንጂ አይዞርም። መነሻው ጥቅልል በካፓሲተሩ በኩል ጊዜው ትንሽ የተዛነፈ ኃይል ሲያገኝ ነው ማግኔቱ አቅጣጫ ይዞ ሞተሩን የሚያዞረው። ያ ካልሆነ ሞተሩ ቆሞ ከ70 አምፔር በላይ ይስባል፣ ይግላል፣ ውስጡ ያለው መከላከያም ቀጭ ብሎ ይቆርጠዋል።

ያኔ ነው የእጅ ሥራው የተጀመረው። የውጭውን ማጥፊያ ነቀለ፤ መንቀሉን ግን አላመነም፣ በቴስተር ሦስት ቦታ ለካና ዜሮ መሆኑን አየ። ብዙ ሰው ካፓሲተር የሚያራግፈው በጠፍጣፋ ብሎን መፍቻ አገናኝቶ፣ ጠሽ አድርጎ ነው። ይህ ሰው ግን 20 ሺህ ኦም ሬዚስተር በሁለት የተሸፈኑ መንቆሮች ላይ አስሮ ይዞ ይዞራል። ሁለቱን ጫፎች ነክቶ ጥቂት ሰከንድ ይጠብቃል፤ ቻርጁ ያለ ብልጭታ ይወርዳል። ሽቦዎቹን ከመንቀሉ በፊት በስልኩ ፎቶ አነሣቸው። ተርሚናሎቹን ሲነቅልም ሽቦውን አልጎተተም፤ የብረቱን አንገት በመቆንጠጫ ይዞ እያወዛወዘ አወጣ። የተጎተተ ሽቦ ዛሬ ቢሠራም ላልቶ ይቀርና በኋላ ሞቆ ይቃጠላል።

ካፓሲተሩ አንድ ቆርቆሮ ውስጥ የተቀመጡ ሁለት ካፓሲተሮች ነው። ላዩ ላይ ሲ፣ ፋን እና ኸርም የሚሉ ሦስት ተርሚናሎች አሉት፤ ሲ የጋራው ነው፣ ኸርም የኮምፕሬሰሩ። የተጻፈበት 40 እና 5 ማይክሮፋራድ፣ 440 ቮልት ይላል። ክዳኑ አላበጠም፣ ዘይትም አላፈሰሰም፤ ላየው ሰው አዲስ ይመስላል። በቴስተር ሲለካ የፋኑ ወገን 4.9 አነበበ። የኮምፕሬሰሩ ወገን 11 ነበር። የሚፈቀደው ልዩነት 6 በመቶ ስለሆነ ከ37.6 በታች መውረድ አልነበረበትም። ፋኑ እየዞረ ኮምፕሬሰሩ ያልተነሣበት ምክንያት ይኸው ነው፤ ከአንዱ ቆርቆሮ ግማሹ ሞቶ ግማሹ ይሠራ ነበር።

እዚህ ላይ ካፓሲተር ለውጦ ሒሳብ ተቀብሎ መሄድ ይቻላል። ብዙዎችም ያደርጉታል፣ ብዙ ጊዜም ይሠራላቸዋል። እሱ ግን ኃይል ከመመለሱ በፊት የኮምፕሬሰሩን ሦስት ጫፎች ለካ። ከጋራው ወደ ዋናው ጥቅልል ምንም አላሳየም። ከጋራው ወደ መነሻውም እንደዚያው። በዋናውና በመነሻው መካከል ግን 2.6 ኦም አገኘ። ብዙ ደህና ኮምፕሬሰር ሞተ ተብሎ የሚጣለው እዚህ ላይ ነው፤ ከጋራው ጫፍ ምንም የማያነብ ቴስተር ጥቅልሉ የተበጠሰ ያስመስላል። በሁለቱ መካከል ንባብ መኖሩ ግን ሁለቱም ጥቅልሎች ደህና እንደሆኑና የተከፈተው በጋራው መንገድ ላይ ያለው የሙቀት መከላከያ እንደሆነ ይናገራል። መዳፉን ወደ ኮምፕሬሰሩ አካል አስጠጋ፤ ይፋጃል። የኤሌክትሪክ ክፍሉን በላስቲክ ሸፍኖ የአትክልት ውኃ በቀስታ ለቀቀበትና ቁጭ ብሎ ጠበቀ። ሲበርድ በድጋሚ ለካ፤ 0.9 እና 1.7 አነበበ። ሁለቱ ሲደመሩ 2.6 ይመጣሉ፣ መምጣትም አለባቸው። ወደ ብረቱ አካል የሚያፈስ ኃይል አለመኖሩንም አየና ነው አዲሱን ካፓሲተር ያነሣው።

አዲሱም ያው 40 እና 5 ነው። የቮልት መጠኑ ከፍ ቢል አይጎዳም፣ ማይክሮፋራዱ ግን እኩል መሆን አለበት። ከካርቶኑ ያወጣውን አዲስ ዕቃ ሳይቀር ለካው፤ 40.2። ማሰሪያውን አጥብቆ፣ ሽቦዎቹን ከሚንቀጠቀጠው የመዳብ ቱቦ አርቆ አሰራቸው። ኃይል ሲመለስ ክላምፕ ሜትሩ ለዐይን ጥቅሻ ያህል ወደ ላይ ተወርውሮ 13 አምፔር ላይ ተረጋጋ፤ መሣሪያው ላይ ከተጻፈው ጣራ በታች ነው። ኮምፕሬሰሩ ተነሣ።

ሰውየው ግን ሳጥኑን አልዘጋም። ኮንታክተሩ ገና አልተመረመረም። ፋኑ መዞሩ ኮንታክተሩ መዘጋቱን እንጂ ጤንነቱን አያረጋግጥም፤ ፋኑ የሚስበው አንድ አምፔር ገደማ ሲሆን ይህን ያህል በተበላ ነጥብም ያልፋል። ጤንነቱ የሚታወቀው ጭነት ላይ ነው። የቴስተሩን ሁለት ጫፎች በአንዱ መስመር መግቢያና መውጫ ላይ አደረገ። በደንብ የተዘጋ ነጥብ ከዜሮ ብዙም አይርቅም። የመጀመሪያው መስመር 0.06 ቮልት አሳየ፤ ሁለተኛው 1.8። ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን በ13 አምፔር ሲባዛ ከ23 ዋት በላይ ሙቀት አንዲት የብረት ነጥብ ላይ እየነደደ ነው። ሞተሩ ሲነሣ የሚስበው ከ70 አምፔር በላይ ስለሆነ ያኔ የሚጠፋው ቮልት አምስት እጥፍ ይሆናል። አጥፍቶ ሲፈታው ነጥቡ ጠቁሮ ተቦርቡሮ፣ መካከሉ ላይ የደረቀ ጉንዳን ተጣብቆበት ተገኘ። በዚያ አካባቢ ጉንዳን ኮንታክተር ውስጥ መግባቱ የተለመደ ነው።

«የዛሬውን ችግር ያመጣው ይሄ አይደለም» አላት፤ «ግን ይሄም ተራውን እየጠበቀ ነው። ከፈለጉ ሌላ ጊዜ ይሁን።» ቁጥሩን አሳያት እንጂ አላስፈራራትም። እሷም አስቀየረችው። መነሣት ያግዛል የሚባለውን ተጨማሪ መሣሪያ ግን ገና ሳትጠይቀው አያስፈልግም አላት። በትክክለኛ ካፓሲተር በደንብ ለተነሣ ሞተር ያን መጨመር ለእኔም ከሽያጭ ያለፈ ትርጉም የለውም።

መልሱ «የሚዞረው የቤት ውስጡ ብቻ ነው፣ ጓሮው ጭጭ ብሏል» ቢሆን ኖሮ መንገዱ ይገለበጥ ነበር። ያኔ ካፓሲተሩ መጨረሻ ላይ የሚታይ ነው። የመጀመሪያው ልኬት የኮንታክተሩ ጥቅልል ላይ ነው፤ 24 ቮልት ደርሶት ካልተሳበ አብዛኛውን ጊዜ ጥቅልሉ ተበጥሷል። አንዳንዶች ድልድዩን በእንጨት ገፍተው ይሞክሩታል። ኮምፕሬሰሩ ከተነሣ የኃይሉ ወገን ደህና መሆኑ ይታወቃል፣ ግን ግፊት ሲበዛ የሚቆርጠውን መከላከያም ያልፈዋል፤ ይህ ሰው ቴስተሩን ይመርጣል።

24 ቮልት ካልደረሰ ደግሞ ወደ ምድር ቤት ነው። የቤት ውስጡ ፋን በቴርሞስታቱ ትእዛዝ እየዞረ ከሆነ ትራንስፎርመሩና ባለ 3 አምፔሩ ሐምራዊ ፊውዝ አብዛኛውን ጊዜ ደህና ናቸው። የሚቀረው ወደ ጓሮ የሚሄደው ዋይ የሚባለው መስመር ነው። ማፍሰሻው ላይ ውኃ ሲሞላ የሚቆርጠው ተንሳፋፊ ማብሪያ ብዙ ጊዜ እዚህ መስመር ላይ ይገባል፤ ቱቦው ተደፍኖ ቦርድ የተከሰሰበት ቤት ጥቂት አይደለም። ከጠፋ በኋላ እስከ 5 ደቂቃ የሚያዘገይ መሣሪያ ስላለም ከመለካት በፊት መጠበቅ ያስፈልጋል። ቦርዱ የሚከሰሰው ከቴርሞስታቱ የመጣው 24 ቮልት በዋይ ተርሚናሉ ገብቶ፣ ወደ ጓሮ የሚወስደው ሽቦ ላይ ሳይወጣ ሲቀር ነው። ብዙ ቦርዶች ላይ ደግሞ ያ ተርሚናል ሁለት ሽቦ የሚገናኝበት መሸጋገሪያ ብቻ ነው፤ በውስጡ የሚቃጠል ነገርም የለም።

ድሬዳዋም ሆነ ዱባይ ያለው ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ትንሹ ኤሲ በዚህ ይለያል። ብዙዎቹ ኮንታክተር የላቸውም፤ 220 ቮልቱን ወደ ኮምፕሬሰሩ የሚለቀው ቦርዱ ላይ የተበየደ ሪሌ ነው። እዚያ ላይ ቦርዱ እውነተኛ ተጠርጣሪ ነው፤ ሪሌው ቀጭ እያለ መውጫው ላይ ቮልት ከሌለ ነጥቡ ተበልቷል። ኢንቨርተር የሚባለው ዓይነት ደግሞ መነሻ ካፓሲተርም የለውም። ኮምፕሬሰሩን የሚያዞረው ራሱ ኤሌክትሮኒክሱ ስለሆነ፣ ከላይ ያለው አለካክ ለእሱ አይሠራም።