ቆጣሪው በገጹ የላይኛው ግማሽ ሲሆን

አውቶማቲክ ሰዓት ሊገዛ የተነሣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሰዓቱን ገልብጦ በጀርባው መስተዋት በኩል የሚወዛወዘውን ክብደትና የሚያብረቀርቁትን ብረቶች ያያል። ማየቱ አይከፋም፤ ነገር ግን ቀን የሚቀይረው ክፍል ያለው በዚያ በኩል አይደለም። ከፊት፣ ከቁጥሮቹ ገጽ ሥር ተሸፍኖ ነው ያለው፤ ሰዓት ሠሪ እንኳ እሱን ለማየት ቆጣሪዎቹንና ገጹን መንቀል አለበት። ስለዚህ የዚህ ክፍል ጥራት በዓይን አይመዘንም። የሚመዘነው በሥራው ነው፤ ይልቁንም የሰዓት ቆጣሪው 12ን በሚሻገርባቸው ጥቂት ሰዓታት ውስጥ በሚያሳየው ጠባይ። ከብዙ ሰዓቶች ጋር የሚመጣው የመመሪያ ወረቀት ይህን ጉዳይ በአንድ መስመር ያልፈዋል፦ በፈረንጅ አቆጣጠር ከምሽቱ 9 እስከ ሌሊቱ 3 ባለው ጊዜ ቀኑን በእጅ አይቀይሩ ይላል፤ ሰዓቱ እንደየሞዴሉ ትንሽ ይለያያል። ምክንያቱን ግን አይናገርም። ምክንያቱን ያላወቀ ሰው፣ በተለይ ሰዓቱን በሀገራችን አቆጣጠር የሚያስር፣ ትእዛዙን አከበርኩ እያለ ጥርስ ሊሰብር ይችላል።

ከገጹ ሥር ከ1 እስከ 31 የተጻፈበት ቀለበት አለ። በውስጠኛው ጠርዙ 31 ጥርሶች አሉት፤ አንዲት ትንሽ ሞላ በሁለት ጥርሶች መካከል ገብታ ቀለበቱ እንዳይንሸራተት ትይዘዋለች። የሰዓት ቆጣሪውን የተሸከመው ማርሽ በ12 ሰዓት አንዴ ይዞራል፤ እሱ የሚያዞረው ሌላ ማርሽ ደግሞ በ24 ሰዓት አንዴ። በዚህኛው ላይ አንድ ጣት አለ። ጣቱ አብዛኛውን የዙሩን ክፍል ምንም ሳይነካ ይሄድና የሰዓት ቆጣሪው ወደ 9 ወይም 10 ሲደርስ ከአንድ ጥርስ ጀርባ ገብቶ መግፋት ይጀምራል። ቀለበቱ በዝግታ ይንቀሳቀሳል፤ ሞላዋ በጥርሱ ዳገት ላይ ትወጣለች፤ ጫፉን እንዳለፈች ቀለበቱን ወደሚቀጥለው ቁጥር ታስፈነጥረዋለች። በመስኮቷ አዲስ ቀን ሲታይ ባለቤቱ ሥራው ያለቀ ይመስለዋል። ጣቱ ግን ገና በጥርሶቹ መካከል ነው፤ ዞሮ እስኪወጣ ድረስ እንደ ሰዓቱ ዓይነት አንድ ወይም ሁለት ሰዓት ይፈጅበታል። የሳምንቱን ቀን ስም ጨምረው በሚያሳዩት ላይ ደግሞ ሁለተኛው ዙር ሥራ ከዚያ ይቀጥላልና ነጻ የሚወጣው ይበልጥ ዘግይቶ ነው።

ጉዳቱ የሚመጣው ሁለት ገፊዎች በአንድ ቀለበት ላይ ሲገናኙ ነው። መሙያውን አንድ ደረጃ ስቦ የሚያዞር ሰው ጣቱን አያዞርም፤ በሌላ ትንሽ ማርሽ በኩል ቀለበቱን በቀጥታ ይገፋል። ጣቱ በጥርሶች መካከል ካለ፣ ከኋላው ያለው ጥርስ መጥቶ ጀርባውን ይመታዋል። ጣቱ ወደፊት መሸሽ አይችልም፤ ለመሸሽ የሰዓቱን ማርሽ፣ በእሱም በኩል 12 እጥፍ ፈጥኖ የሚዞረውን የደቂቃ ቆጣሪ ይዞ መሄድ አለበት፤ ይህን ሰንሰለት ከጫፉ ገፍቶ ማዞር በጣም ከባድ ነው። ስለዚህ ከሦስቱ አንዱ እጅ ይሰጣል፦ ጣቱ ይጎብጣል፣ የቀለበቱ ጥርስ ይሸረፋል፣ ወይም የእጁን ግፊት የሚያስተላልፈው ትንሿ ማርሽ ጥርሷን ታጣለች። ጣቱ በተፈጥሮው የሚሠራው ከዋናው ሞላ በሚደርሰው እጅግ ጥቂት ኃይል ነው፤ የሰው ጣት መሙያውን ሲያዞር የሚያመጣው ጉልበት ግን ለዚያ ክፍል ጨርሶ አልተለካም። በርካሽ ሰዓቶች ከእነዚህ ክፍሎች አንዳንዶቹ ፕላስቲክ መሆናቸው ነገሩን ያባብሰዋል፤ የብረት ሲሆኑም ውፍረታቸው አስተማማኝ አይደለም።

አደጋው የመጣው ከምቾት ጋር መሆኑን ልብ ማለት ያስፈልጋል። ሮሌክስ በ1945 (በፈረንጅ) ዴትጀስትን ሲያወጣ ቀኑን ማስተካከያው መንገድ ቆጣሪዎቹን ራሳቸውን እያዞሩ እኩለ ሌሊትን ደጋግሞ ማሳለፍ ነበር። አሰልቺ ነው፤ ግን ገፊው አንድ ብቻ ስለሆነ ግጭት የለም። ቀኑን ብቻ ለይቶ በፍጥነት የሚያዞረው ሥርዓት በዴትጀስት ላይ የገባው በ1977፣ 3035 በተባለው የውስጥ አካል ነው። ሁለተኛ ገፊ በመጨመሩ አንደኛው በሥራ ላይ ሳለ ሌላው እንዳይገባ መጠንቀቅ የግድ ሆነ። ይህ ጥንቃቄ ለአውቶማቲክ ሰዓት ይብሳል፤ ብዙዎቹ ከእጅ ከወለቁ ከ40 ሰዓት ገደማ በኋላ ይቆማሉ፤ ቅዳሜና እሑድን ጠረጴዛ ላይ ያደረ ሰዓት ሰኞ ጠዋት ሊስተካከል ሲነሣ ገጹ ላይ ያለው 10 ሰዓት የቀን ይሁን የሌሊት ማንም አያውቅም።

አሁን ወደ እኛ ጉዳይ። ጣቱ ፀሐይን አያውቅም፤ የሚያውቀው የቆጣሪውን ቦታ ብቻ ነው። ሰዓቱን በሀገራችን አቆጣጠር ላሰረ ሰው ቆጣሪው በገጹ 12 ላይ የሚደርሰው ንጋት ላይና ማታ ላይ ነው፤ ቀኑም የሚዞረው ከሁለቱ በአንዱ ነው። ንጋት ላይ የሚዞርለትን እንውሰድ፤ የኢትዮጵያን ቀን በመስኮቱ የሚከታተል ነው እንበል። ወሮቹ ሁሉ 30 ቀን ስለሆኑ በየወሩ 31ን መዝለል አለበት፤ ጳጉሜን ሲጨመር በዓመት 13 ጊዜ በእጅ ማስተካከል ይደርስበታል። በፈረንጅ የሚቆጥረው ግን በዓመት 5 ጊዜ ብቻ ነው የሚነካው። ከሁሉ የሚከብደው መስከረም 1 ነው፦ ጳጉሜ በ5 ባለቀበት ዓመት ቀለበቱ በንጋት ወደ 6 ይሄዳል፤ ከ6 ወደ 1 ለመድረስ 26 እርምጃ ያስፈልጋል። ሰውየው ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ ይህን ሊሠራ ቢነሣ መመሪያውን ያስባል፤ የፈረንጁን 9 እና 3 ወደ እኛ መልሶ ከምሽቱ 3 እስከ ሌሊቱ 9 ያደርገዋል፤ ጠዋት 2 ሰዓት ከዚያ ውጪ ነውና ልቡ ይረጋጋል። ቆጣሪው ግን ገጹ 2 ላይ ነው፣ 12ን ካለፈ ሁለት ሰዓቱ፤ ጣቱ ገና ካልወጣ የመጀመሪያው እርምጃ ይጋጫል። የሚያዋጣው ሰዓቱን ሳይሆን ገጹን ማንበብ ነው፦ የሰዓት ቆጣሪው ከ9 በ12 በኩል እስከ 3 ባለው የላይኛው ግማሽ ውስጥ ካለ ቀኑ አይነካ፤ በታችኛው ግማሽ፣ በተለይ 6 አካባቢ፣ የቀን ይሁን የሌሊት ሳይለዩ መንካት ይቻላል። ስለዚህ ሰውየው እስከ ቀትር 6 ሰዓት ቢታገሥ 26ቱንም ያለ ሥጋት ያዞራል። መታገሥ ካልፈለገ ቆጣሪውን ወደፊት ወደ 6 ያምጣ፤ ቀኑን በ31 ላይ ያቁም፤ ከዚያ ቆጣሪዎቹን ወደፊት እያዞረ ቀኑ ራሱ ወደ 1 እስኪዘል አሳልፎ 2 ላይ ያቁም። ወደ ኋላ ማዞር ግን ጣቱን በተቃራኒ አቅጣጫ ጥርስ ላይ ይጥለዋልና 12ን ወደ ኋላ አለማሻገር ይሻላል።

«ስንት ጊዜ ሌሊት ላይ ቀይሬ ምንም አልሆነም» የሚል አይጠፋም። እውነት ሊሆን ይችላል። ጣቱ ጥርስ የሚነካበት ጊዜ ከተከለከለው ጊዜ ያጠረ ነው፤ ብዙ አምራቾችም ጣቱን እንደ ቀጭን ሞላ አድርገው ስለሚሠሩት ሲመታ ይጎብጥና ይመለሳል። ነገር ግን በእያንዳንዱ ምት የሚደክም ሞላ አንድ ቀን ሙሉ በሙሉ አይመለስም፤ ያኔ ቀኑ መዘግየት፣ ግማሽ ላይ መቆም ይጀምራል፤ ባለቤቱም ምክንያቱን ከወራት በፊት ከሠራው ጋር አያገናኘውም። «ሰዓቱ ቆሞ ሳለ ብቀይርስ?» ለሚለው መልሱ አጭር ነው፤ የቆመ ጣት እንደሚሄድ ጣት በራሱ ከጥርሱ መካከል አይወጣም። ሦስተኛው ሙግት ጠንከር ይላል፦ ዘመናዊ ሰዓቶች ይህ ችግር የለባቸውም። ሁሉም አይደሉም እንጂ አንዳንዶቹ በእርግጥ የለባቸውም፤ ጣቱ ሲገፋ የሚታጠፍበት ወይም የሚለቅበት ሥርዓት ተሠርቶላቸዋል። ለዚህ ዓይነት ሥራ ተጨማሪ ገንዘብ መክፈል ተገቢ ነው ብዬ አምናለሁ። ብቻ በቅጽበት የሚዘል ቀን ከአደጋ ነጻ ነው ብሎ ማመን ስሕተት ነው። በቅጽበት የሚዘለው ኃይሉን ከ12 በፊት ለሰዓታት በሞላ ያከማቻል፤ በዚያ ጊዜ ጣቱ የት እንዳለ የሚያውቀው አምራቹ ብቻ ነው። ስለዚህ የዚያ ሞዴል መመሪያ ካላረጋገጠ በስተቀር የሻጭ ቃል ብቻውን አይበቃም።

ያገለገለ ሰዓት በእጅ ሲገባ ፈተናው እንዲህ ነው። መሙያውን እስከ መጨረሻ ስቦ ቆጣሪዎቹን ወደፊት በዝግታ ማዞር፣ ዓይንን ከመስኮቷ አለመንቀል። ቁጥሩ መቼ መንቀጥቀጥ ጀመረ? የት ላይ ዘለለ? ከዘለለ በኋላ መሐል ላይ ተቀመጠ? ከ12 በጥቂት ደቂቃዎች መቅደም ወይም መዘግየት ነውር አይደለም። ሰዓት ሠሪ ቆጣሪዎቹን የሚተክለው ቀኑ በዘለለበት ቅጽበት 12 ላይ አስተካክሎ ነውና፣ ልዩነቱ ግማሽ ሰዓት ወይም አንድ ሰዓት ከሆነ ከዚህ በፊት የከፈተው እጅ ቸኩሏል ማለት ነው፤ ሌላ ምን ቸኩሎ እንደሠራ መጠየቅ ይገባል። ቀጥሎ ቆጣሪውን 6 ላይ አድርጎ 31ዱንም ቁጥሮች አንድ በአንድ ማሳለፍ ነው። ሦስት አራት ቁጥር ሞክሮ ማቆም ምንም አይነግርም፤ የተሸረፈ ጥርስ ወር ሙሉ አንድ ቀን ብቻ ነውና የሚታየው። በእጅ ሲቀየር በአንድ ቁጥር ላይ፣ እኩለ ሌሊት ላይ ደግሞ በሌላ ቁጥር ላይ ይስታል፤ ምክንያቱም ጣቱና ትንሿ ማርሽ ቀለበቱን የሚነኩት በተለያየ ቦታ ነው። በየሌሊቱ የሚስት ከሆነ ጣቱ ነው፤ ሌሊት ደኅና ሠርቶ በእጅ ሲዞር ብቻ የሚንሸራተት ከሆነ ትንሿ ማርሽ ናት። ሻጩ «ቀኑ ብቻ ነው፣ ሰዓቱ ይሄዳል» ቢል እውነቱን ነው፤ የቀኑ ክፍል ተበላሽቶ ሰዓቱ ልክ ሊቆጥር ይችላል። ግን የጠፋው የብረት ወይም የፕላስቲክ ቁራጭ ከገጹ ሥር የትም አልሄደም፤ በሌላ ማርሽ ጥርስ መካከል እስኪገባ ድረስ እዚያው ይዞራል፤ ክፍሉ ርካሽ ቢሆንም ቆጣሪና ገጽ ነቅሎ የማጽዳቱ ዋጋ ከመግዣው ድርድር ጋር መታሰብ አለበት።